ነጥብን ማመሳሰልና ሚዛንን ማስተካከል አንድ አይደሉም፦ ስለ ምዘና ማጣጣሚያ ስብሰባ

ጥያቄ፦ «140 ሠራተኞች ባሉት የግል ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ሐምሌ የዓመቱን ምዘና ስንሰበስብ 9 ሠራተኞች ያሉት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል አማካይ ነጥብ ከ5ቱ 4.4፣ 11 ሠራተኞች ያሉት የሒሳብ ክፍል ደግሞ 3.3 ሆነ። በማጣጣሚያው ስብሰባ ከደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ሁሉ ላይ አንድ አንድ ነጥብ ቀነስን። ሁለት ሠራተኞች ቅሬታ ጻፉ፤ ኃላፊያቸውም ‹እኔ ሰጥቻችሁ ነበር፣ ኮሚቴው ነው የቀነሰባችሁ› አለቻቸው። ዘንድሮ ዋና ሥራ አስኪያጁ በየክፍሉ ከመቶ 10 ሰው ብቻ 5 ያግኝ የሚል ኮታ እንድናወጣ ይፈልጋሉ። ይህ ይሻላል ወይ? ስብሰባውንስ እንዴት እንምራው?»

ምላሽ፦

ባለፈው ሐምሌ ያደረጋችሁት ማጣጣም ሳይሆን ማመሳሰል ነው። ማጣጣም በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ካሊብሬሽን የሚለው ቃል የመጣው ከመለኪያ መሣሪያዎች ነው። የእህል ነጋዴ ሚዛኑ መዛባቱን ሲጠረጥር ክብደቱ የታወቀ ብረት አስቀምጦበት ይፈትነዋል እንጂ የጎረቤቱ ሚዛን ባነበበው ልክ የራሱን አይቀንስም፤ የጎረቤቱም ሊዛባ ይችላልና። እናንተ የሁለቱን ክፍሎች አማካይ አነጻጽራችሁ ከፍ ያለውን ዝቅ ስታደርጉ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ትክክለኛ መዛኝ እንደሆነ ያለ ምንም ማስረጃ ተቀብላችኋል። በስብሰባው የታወቀው ብረት የሌላው ክፍል አማካይ ሊሆን አይችልም፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አስቀድሞ የተጻፈው ትርጉም ነው። ሥራዎቹም ቢሆኑ እርስ በርስ አይወዳደሩም። ቅሬታ የሚቀበል ሠራተኛና የባንክ ሒሳብ የሚያስታርቅ ሠራተኛ ማን እንደሚበልጥ ማንም ሊናገር አይችልም። የሚነጻጸረው እያንዳንዳቸው ለገዛ ሥራቸው ከተቀመጠው መመዘኛ ያላቸው ርቀት ነው።

ሁለት አማካዮች እንዲህ የሚራራቁት በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዱ ኃላፊ በነጥብ ለጋስ፣ ሌላው ንፉግ ሊሆን ይችላል፤ «አምስት ለእግዜር፣ አራት ለእኔ» የሚለው የመምህራን ቀልድ በየመሥሪያ ቤቱ በቁም ነገር ሲሠራበት አይቻለሁ። የአንዱ ክፍል ግቦች ቀላል፣ የሌላው ከባድ ሆነው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ምክንያት፣ አንዱ ክፍል በእርግጥ የተሻለ መሥራቱ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት የየራሱ መፍትሔ አለው፦ የመጀመሪያው ነጥብን ማረም ይጠይቃል፣ ሁለተኛው የሚቀጥለውን ዓመት ግብ ማረም፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም አለመንካት። ከሁሉም ላይ አንድ ነጥብ መቀነስ ሦስቱንም በአንድ ጅራፍ መምታት ነው።

ይህን በእናንተው ቁጥሮች ላሳይ፤ የሠራተኞቹን ዝርዝር ግን በሥራዬ ካየኋቸው ሁኔታዎች እኔው ሠርቼዋለሁ። በደንበኞች አገልግሎት 4 ሰዎች 5፣ ሌሎቹ 5 ሰዎች ደግሞ 4 አግኝተዋል እንበል፤ አማካዩ 4.44 ነው። በሒሳብ ክፍል 4 ሰዎች 4፣ 6 ሰዎች 3፣ አንዲት ሠራተኛ ደግሞ 2 አግኝታለች፤ አማካዩ 3.27 ይሆናል። መመዘኛው ላይ 3 ማለት የተቀመጠውን ግብ በሚፈለገው ጥራትና ጊዜ መፈጸም፣ 4 ማለት በዋና ዋና ግቦች ላይ ከተቀመጠው በግልጽ መብለጥ፣ 5 ማለት ደግሞ ከዚያም አልፎ የክፍሉን አሠራር የሚቀይር፣ ከሰውየው በኋላም የሚቆይ ውጤት ማምጣት ነው ብለን እንነሣ።

ስብሰባው 5 ያገኙትን አራቱን በዚህ መመዘኛ ሲያይ የሁለቱ ማስረጃ ይጸናል። አንዷ የቅሬታ መዝገቡን እንደገና አደራጅታ የአንድ ቅሬታ መፍቻ ጊዜ ከ6 ቀን ወደ 2 ቀን አውርዳለች፤ ሌላው ያዘጋጀውን የአዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ክፍሉ ዛሬም ይጠቀምበታል። የሦስተኛው ማስረጃ በሰኔ አጋማሽ አንድ ትልቅ ደንበኛ እንዳይሄድ ማድረጉ ብቻ ነው። በቀሩት ወራት ከግቡ ከፍ ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ነገር ግን ኃላፊዋ ምዘናውን የሞላችው ሰኔ ላይ በመሆኑ የቅርቡ ድል ዓመቱን ሸፍኖባታል። እርሱና ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለ አንድ ባልደረባው ወደ 4 ይወርዳሉ። 4 ካገኙት አምስት ሰዎች ደግሞ የሁለቱ ማብራሪያ «ትሑት፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሁሉም ጋር ተግባቢ» የሚል ሆኖ ይገኛል። ኃላፊዋ ከግብ በላይ የሠሩትን አንድ ነገር እንድትጠቅስ ስትጠየቅ ያገኘችው ነገር ስለሌለ ወደ 3 ይመጣሉ። አምስቱ ባሉበት ይቆያሉ።

አሁን ወደ «ትክክለኛው» ክፍል እንሂድ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ 4 ከሰጣቸው ሰዎች አንዱ በየወሩ 25 ቀን ይፈጅ የነበረውን የባንክ ማስታረቂያ በ10 ቀን የሚያስጨርስ አሠራር ዘርግቷል። ኃላፊው «ታዲያ ለምን 5 አልሰጠኸውም?» ሲባል «5 ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» ይላል። ይህ የኃላፊው ልማድ እንጂ የሠራተኛው ጉድለት ስላልሆነ ነጥቡ ወደ 5 ይወጣል። በተመሳሳይ ምክንያት አንድ ባለ 3 ወደ 4 ይወጣል። 2 ያገኘችው ሠራተኛ ጉዳይ የባሰ ነው። ግቧ በዓመት 12 ወርኃዊ መዝጊያዎችን ማጠናቀቅ ሲሆን የሠራችው 8 ነው፤ ከመቶ 67 መሆኑ ነው። ነገር ግን 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ፣ በድምሩ አራት ወር ሕጋዊ ፈቃድ ላይ ነበረች። በሥራ ላይ በነበረችባቸው 8 ወራት 8ቱንም ዘግታለች። ግቡ በፈቃዷ ልክ ሊቀነስ ሲገባው አልተቀነሰም፤ ስለዚህ ነጥቧ 3 ነው።

ውጤቱን እንቁጠረው። ከ20 ሰዎች ነጥባቸው የተቀየረው 7 ናቸው፤ አራቱ ወርደዋል፣ ሦስቱ ወጥተዋል። የደንበኞች አገልግሎት አማካይ 4.0፣ የሒሳብ ክፍሉ 3.55 ሆኗል። ልዩነቱ ከ1.17 ወደ 0.45 ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ ማጥፋትም አያስፈልግም፤ ከማስረጃ በኋላ የቀረ ልዩነት ነውና። አንድ አንድ ነጥብ በመቀነሱ መንገድ ግን የደንበኞች አገልግሎት አማካይ 3.44 ይሆንና ሁለቱ ክፍሎች በወረቀት ላይ ይቀራረባሉ። የቅሬታ መዝገቡን የለወጠችውም በሰኔ ድል ነጥቡ የተጋነነለት ባልደረባዋም እኩል 4 ያገኛሉ፤ በሒሳብ ክፍል የተበደሉት ሦስት ሰዎች ደግሞ እንደተበደሉ ይቀራሉ። የቀረቡላችሁ ሁለት ቅሬታዎች ከዚህ የተነሡ ቢሆኑ አይደንቀኝም። ቅሬታ ያልጻፈው የሒሳብ ክፍል ግን ከዚያ ያነሰ በደል ደርሶበታል ብዬ አላስብም።

የዋና ሥራ አስኪያጁን ኮታ በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። በየክፍሉ ከመቶ 10 ማለት 9 ሰው ባለበት 0.9 ሰው፣ 4 ሰው ባለበት 0.4 ሰው ማለት ነው፤ ትንሽ ክፍል ውስጥ ሒሳቡ ራሱ አይሠራም። በጠቅላላው 140 ሰው ላይ 14 ቦታ ይወጣ ከተባለ ስብሰባው መመዘኛውን ትቶ የ14 ወንበሮች ሽሚያ ይሆናል፤ በደካማ ክፍል አንደኛ የሆነው ሰው በጠንካራ ክፍል ሦስተኛ የሆነውን ይበልጣል ተብሎ ይጻፋል። የኮታው አሠራር በዓለም የታወቀው ጃክ ዌልች ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በመሩበት ዘመን ሠራተኛውን 20 ከመቶ ምርጥ፣ 70 ከመቶ መካከለኛ፣ 10 ከመቶ ደካማ እያሉ በመክፈል ነበር፤ ኩባንያው ራሱ በኋላ ትቶታል። ማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ አሠራሩን በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ሰርዟል። ሥራ አስኪያጁን ያሳሰባቸው የነጥብ መጋሸብ ከሆነ ሥጋታቸው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን 5 ለሚሰጥ ኃላፊ ሁሉ ማስረጃውን በጽሑፍ ማስገደድ ነው። የሚያሳስባቸው የቦነስ በጀቱ ከሆነ ደግሞ በጀቱን በገንዘብ ቀመር ያስተካክሉት፤ የአንድ ነጥብ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል፣ ነጥቡ ግን ለበጀት ተብሎ አይዋሽም።

ወደ ስብሰባው አመራር ስንመጣ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከስብሰባው በፊት ነው። ኃላፊዎች ረቂቅ ነጥባቸውን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ያስገቡ፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር ሦስት መስመር ማስረጃ ይኑር፦ ግቡ ምን ነበር፣ የተሠራው ምንድን ነው፣ ይህ በምን ይታወቃል። በዚህ ጊዜ ነጥቡ ለሠራተኛው መነገር የለበትም። አንዴ «4 ሰጥቼሃለሁ» ያለ ኃላፊ ስብሰባው ላይ የሚከራከረው ለእውነቱ ሳይሆን ለቃሉ ነው። እርስዎ ደግሞ ሰንጠረዡን በክፍል ሳይሆን በሥራ ደረጃ ያዘጋጁት፤ ባለሙያዎች ከባለሙያዎች፣ የቡድን መሪዎች ከቡድን መሪዎች ጋር ይታዩ። የክፍሎችን አማካይ ሰንጠረዡ ላይ አያስቀምጡ። እርስዎ ራስዎ የት ማተኮር እንዳለብዎ ለማወቅ ይዩት፤ በጠረጴዛው ላይ ከዋለ ግን ስብሰባው ወደ አማካይ ክርክር ይመለሳል።

ስብሰባውን ማንም በማይከራከርበት አንድ ሰው ይጀምሩ፤ ሁሉም የሚያውቀውና ጥርት ያለ 3 የሆነ ሠራተኛ ይመረጥና ለምን 3 እንደሆነ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የታወቀው ብረት ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይተያያል። ሁሉንም 140 ሰው ማየት አያስፈልግም። 5 ያገኙትን፣ 2 እና ከዚያ በታች ያገኙትን፣ ኃላፊው ራሱ ያመነታባቸውንና ከባለፈው ዓመት በሁለት ነጥብ የተለወጡትን ይምረጡ፤ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጡ፤ በሦስተኛው ሰዓት የሚታዩት ሰዎች በድካም ይፈረድባቸዋል። ከስድስት እስከ ስምንት ኃላፊዎች በአንድ ክፍል ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ።

በእኛ አገር ስብሰባ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ግድ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ «እኔ እንኳ ይህን ልጅ 5 አልሰጠውም» ካሉ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል፤ ስለዚህ ቢገኙ የመጨረሻው ተናጋሪ ይሁኑ፣ ባይገኙ ደግሞ የተሻለ ነው። ይሉኝታም አለ። ባልደረባን በሌሎች ፊት «ማስረጃህ አይበቃም» ማለት እንደ መዳፈር ስለሚቆጠር ኃላፊዎች ዝም ይላሉ፤ ከስብሰባው በኋላ ግን በመተላለፊያው ላይ ይነጋገራሉ። ይህን የማለፊያው ዘዴ ጥያቄውን የሰው ሳይሆን የወንበር ማድረግ ነው፦ በየጉዳዩ አንድ ኃላፊ ተቃራኒውን እንዲጠይቅ በተራ ይመደብ። «ተረኛው እኔ ስለሆንሁ ልጠይቅ» ሲባል ማንም አይቀየምም።

ስብሰባው መበላሸቱን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ለውጦቹ ሁሉ ወደ ታች ብቻ ከሆኑ የተሠራው ማጣጣም ሳይሆን በጀት ቅነሳ ነው። ነጥባቸው የወረደባቸው ሰዎች ያልተገኘ ወይም አዲስ የተሾመ ኃላፊ ሠራተኞች ከሆኑ የተመዘነው የኃላፊው አንደበት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ የሚሠሩት፣ ወይም ፈቃድ ላይ የነበሩ ሴቶች፣ ከሌሎቹ በብዛት ከወረዱ ስብሰባው ሥራን ሳይሆን መታየትን መዝኗል። አንድ ሰው «እኔ አንድ ቀን ስደውልለት ስልክ አላነሣም» ብሎ የዓመቱን ነጥብ ማናጋት ከቻለ ሰብሳቢው ሥራውን አልሠራም። ስለዚህ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት 15 ደቂቃ ወስደው የተቀየሩትን ነጥቦች ብቻ በአንድ ገጽ ይመልከቱ፦ ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ፣ የነማን ነው? ቃለ ጉባኤውም «ተወያይቶ ወደ 3 ተስተካክሏል» ብሎ አይለፍ፤ የትኛው ማስረጃ ለምን እንዳልበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

ይህ ጽሑፍ ለወግ ብቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 መሠረት በችሎታ ማነስ ሠራተኛን በማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው፣ በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተወሰነ በቀር፣ ማነሱ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲረጋገጥ ነው። ሠራተኛ ሲቀነስም አንቀጽ 29 የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸው እንዲቆዩ ቅድሚያ ይሰጣል። ከሁሉም ላይ በጅምላ የተቀነሰ ነጥብ በእነዚህ አንቀጾች መሠረት ለሚወሰድ እርምጃ ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብ፣ በክርክር ጊዜ ድርጅቱ ስለ ግለሰቡ ሥራ የሚያቀርበው አንዳች ነገር አይኖረውም፤ የተቀነሰው እርሱ ምን እንደሠራ ታይቶ አይደለምና።

የስብሰባው ወሰንም ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በምዘና ነጥቦች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከግማሽ በላይ የሆነው የሚመነጨው ከተመዛኙ ሥራ ሳይሆን ከመዛኙ የግል ልማድ እንደሆነ አሳይቷል። ስብሰባው ይህን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የሚሠራው ኃላፊዎች ባዩትና በጻፉት ላይ ብቻ ነውና። ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛውን ያልተከታተለ ኃላፊ ይዞት የሚመጣው ረቂቅ በውይይት እውነት አይሆንም። በሐምሌ ላልተቀመጠ ግብም በሰኔ መመዘኛ አይገኝለትም፤ እንዲህ ያለ ክፍል ሲያጋጥም ነጥቡን አትነካኩ፣ የሚቀጥለው ዓመት ግብ ግን ወዲያውኑ ይጻፍ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ኮታው ይቅር፤ የክፍል አማካይ ማስተካከል ይከልከል፤ ነጥብ የሚቀየረው የአንድ ሰው ስም ተጠርቶ፣ ማስረጃው ታይቶ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ብቻ ይሁን። የጭማሪና የቦነስ ውሳኔ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስብሰባ ይካሄድ። የመጨረሻው ነጥብ የኃላፊው እንጂ የኮሚቴው አለመሆኑም በመመሪያው ይጻፍ፤ በማስረጃ ያልተረታ ኃላፊ ነጥቡን ይዞ የመቆየት መብት አለው፣ ከተስማማ ደግሞ ለሠራተኛው «ይህን ነጥብ የሰጠሁህ እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ይህ ነው» የማለት ግዴታ አለበት። የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋ ያን ማለት ያልቻለችው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ የምታቀርበው ምክንያት ስላልሰጣችኋት ነው።

ሁለቱን ቅሬታዎች እስከ ዘንድሮው ስብሰባ አታቆዩአቸው። ኃላፊዋ የሁለቱን ሠራተኞች ማስረጃ በሦስት መስመር ትጻፍ፤ እርስዎና ጉዳዩ የማይመለከተው አንድ የክፍል ኃላፊ ከመመዘኛው ጋር አተያዩት፤ ነጥቡ የሚመለስ ከሆነ ይመለስ፣ በነጥቡ ምክንያት የቀረባቸው ጭማሪ ካለም አብሮ ይታሰብ። ከዚያም የቀሩትን የሰባቱን ባልደረቦቻቸውን ማኅደር በተመሳሳይ መንገድ ያዩታል፤ እነርሱም ላይ የተቀነሰው በዚያው ምክንያት ነው፤ ቅሬታ አለመጻፋቸው ቅነሳውን ትክክል አያደርገውም።